«ቤቴን አታፍርስብኝ»፦ ተከራይ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያና ሴንሰር ለመግጠም ፈቃድ ሲጠይቅ

ባለፈው ኅዳር አንድ ወጣት ደወለልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ከተከራየ ዓመት ሊሞላው ነው። በስልክ የሚታዘዙ አራት ስማርት ማብሪያ ማጥፊያዎችና አንድ ካርቶን ሴንሰር ገዝቷል፤ መጥቼ እንድገጥምለት ፈለገ። «አከራይህ ያውቃሉ?» አልኩት። በቴሌግራም የላከላቸውን አሳየኝ፦ «እትዬ፣ ቤቱን ስማርት ላደርገው ስለፈለግሁ ይፍቀዱልኝ።» መልሳቸውም ከሥሩ ነበር፦ «ልጄ፣ ቤቴን አታፍርስብኝ።»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ በአከራይዋ ይስቃል። እኔ ግን ሴትዮዋ ትክክል ነበሩ እላለሁ። «ስማርት» የሚለው ቃል ግድግዳ ይበሳ አይበሳ፣ ሽቦ ይነካ አይነካ፣ ሥራውን ማን እንደሚሠራ፣ ተከራዩ ሲወጣ ቤቱ እንዴት እንደሚመለስ አንዱንም አይናገርም። ያልተነገረውን የሚሞላው ደግሞ ፍርሃት ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚወድቀው አከራይ ቴክኖሎጂ ስለሚጠላ ሳይሆን ጠያቂው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ አጥርቶ ባለማወቁ ነው፤ ይህም ወጣት አያውቅም ነበር።

ነገሩ በሕግም መሠረት አለው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተከራይ ያለ አከራዩ ፈቃድ የተከራየውን ነገር እንዳይለውጥ፣ ኪራዩ ሲያበቃም በተረከበው ሁኔታ እንዲመልስ ያዛል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። ይህ ለተከራይ ጥሩ ነው፤ በየስድስት ወሩ ዕቃ የሚያወጣ ሰው ማብሪያ ማጥፊያ አይቀይርም። ለአከራይ ግን ሌላ ስጋት ያመጣል። ኪራይ እንደልብ በማይጨመርበት ጊዜ ተከራዩ «ቤቱን አሻሽያለሁ» ብሎ ወጪውን ከኪራይ ላይ ቢቀንስስ? ወይም አልወጣም ለማለት ሰበብ ቢያደርገውስ? ደብዳቤው እነዚህን ጥያቄዎች አከራይዋ ሳይጠይቁ መመለስ አለበት።

ካርቶኑን ወለል ላይ ዘርግተን ዕቃውን በሁለት ከፈልነው። በአንድ በኩል በባትሪ የሚሠሩት ሄዱ፦ ሁለት የውሃ መፍሰስ ጠቋሚዎች፣ አንድ የበር ሴንሰር፣ አንድ የእንቅስቃሴ ሴንሰር። የውሃዎቹ ወለል ላይ ይቀመጣሉ፤ ሌሎቹ በማጣበቂያ ይለጠፋሉ። እነዚህ ከግድግዳ ሰዓት የተለዩ አይደሉም፤ የቤቱን አካል አይለውጡም። በሌላ በኩል ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ቀሩ፤ እነሱ የቤቱን ሽቦ ይነካሉ። ፈቃድ የሚያስፈልገው በዋናነት ለነዚህ ነው። ወጣቱ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለጠየቀ ቀላሉ ጥያቄ በከባዱ ተጎትቶ ወድቆበታል።

ከፎቅ መተላለፊያው ጋር ለመግጠም ያሰበው አንድ የበር ካሜራም ነበረው። እሱን ወዲያው አስቀመጥነው። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት መተላለፊያና ደረጃ የጋራ ንብረት ነው፤ አከራይዋ ብቻቸውን የሚፈቅዱት ነገር አይደለም። የጎረቤትን መውጫና መግቢያ የሚቀርጽ ካሜራ ጉዳዩ ከቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ጋር ነው። ለአከራይ በሚጻፍ ደብዳቤ ውስጥ ማስገባት ሌላውንም ጥያቄ ማበላሸት ነው።

ዋናው ነገር ያለው ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባ ነው። ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ሽቦ የሚያገናኝና የሚለያይ ብረት ብቻ ነው፤ ለራሱ ኃይል አይፈልግም። ስማርቱ ግን ትንሽ ኮምፒውተር ነው። አምፖሉ ጠፍቶም ቢሆን ትእዛዝ ለመስማት ነቅቶ መጠበቅ አለበት፤ ለዚህም ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ ፌዝን እና ዑደቱን የሚዘጋውን ሽቦ ኒውትራልን ሁለቱንም ይፈልጋል። በብዙ ቤቶቻችን ኒውትራሉ በጣሪያ በኩል በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን የሚወርደው ፌዙና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ብቻ ነው። ሠሪው ሽቦ ቆጥቧል፤ ለተራው ማብሪያ ማጥፊያ ይህ በቂ ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ሳጥኑ ይታይ አልኩት። አከራይዋ ዘንድ ደውሎ «እትዬ፣ ክዳኑን ከፍተን አይተን እንዘጋዋለን፤ ምንም አንቀይርም» አላቸው፤ ፈቀዱ። ብሬከሩን አጥፍተን፣ በቴስተር ኤሌክትሪክ አለመኖሩን አረጋግጠን አራቱንም ከፈትን። የሳሎኑና የሁለቱ መኝታ ቤቶች ሳጥኖች ሁለት ሁለት ሽቦ ብቻ ነበራቸው። የኮሪደሩ ሳጥን ግን ከኋላው ተጠቅልሎ የታሰረ ሰማያዊ ሽቦ ነበረው።

ሰማያዊ ስለሆነ ብቻ ኒውትራል ነው ማለት አይደለም። እኛ አገር ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው እጁ ላይ የተረፈውን ቀለም ነው። መልቲሜትር ከፌዙ ጋር አገናኝቶ 220 ቮልት አካባቢ ማንበብም ብቻውን አይበቃም፤ ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦም በአምፖሉ በኩል ከኒውትራል ጋር ስለሚገናኝ ቮልት ሊያሳይ ይችላል። መለያው አምፖሉን ነቅሎ እንደገና መለካት ነው። እውነተኛው ኒውትራል አምፖሉ ተነቅሎም ንባቡን ይይዛል፤ ከአምፖሉ የሚመጣው ሽቦ ከሆነ ንባቡ ይጠፋል ወይም ክፉኛ ይወርዳል። ይህ ልኬት የሚደረገው ብሬከሩ በርቶ ስለሆነ ለባለሙያ ይተው። የኮሪደሩ ሽቦ እውነተኛ ኒውትራል ሆኖ ተገኘ።

ወጣቱ የገዛቸው አራቱም ኒውትራል የሚፈልጉ ስለነበሩ ለአንድ ቦታ ብቻ ሆኑ። ሱቁ ያልተከፈቱትን ሁለቱን ኒውትራል በማይፈልጉ ቀየረለት፤ የከፈተውን አልተቀበለውም፤ ሦስተኛውን በገንዘቡ ጨመረ። ዕቃውን መጀመሪያ ገዝቶ ፈቃዱን በኋላ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ይህን ነው።

ኒውትራል የማይፈልገው ዓይነት አምፖሉ ጠፍቶ እያለም በአምፖሉ በኩል በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ የሚኖረው በሷ ነው። በድሮው 60 ዋት አምፖል ይህ አይታወቅም ነበር። ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ ላይ ግን አምፖሉ ሌሊት እንደ ኩራዝ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ወይም በየጥቂት ሰከንዱ ብልጭ ይላል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከማብሪያ ማጥፊያው ጋር በካርቶን የሚመጣ ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ አምፖሉ ጋር ጣሪያ ላይ ይታሰራል። ሥራው ግድግዳው ላይ አይቆምም ማለት ነው፤ ደብዳቤውም ጣሪያውን መጥቀስ አለበት። አከራይ «ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ» ተብለው መሰላል ቆሞ ቢያዩ ተታለልኩ ይላሉ።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ኒውትራል ሲያጡ ባለ አረንጓዴና ቢጫውን የመሬት ሽቦ በኒውትራል ፈንታ የሚያስሩ አሉ። መሥራቱን ይሠራል፤ አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው። የመሬት ሽቦ የተዘረጋው ሰው ከኤሌክትሪክ እንዲጠበቅበት ነው። በዚህ መንገድ ታስሮ አንድ ቦታ ቢበጠስ ከዚያ ሽቦ ጋር የተያያዘ የፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ አካል ፌዝ ሊይዝ ይችላል። ለመሬት ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ብሬከሩ በየጊዜው ይወርዳል። አከራይ የትኛውንም ጥያቄ ባይጠይቁ ይህን አንዱን ቢጠይቁ ይበቃቸዋል።

ከካርቶኑ ለምጣዱ የታሰበ ባለ 16 አምፔር ስማርት ሶኬትም ወጥቶ ነበር፤ ጠዋት ሳይነሳ ምጣዱን ሊያሞቅበት። ሒሳቡ አይፈቅድም። 16 አምፔር በ220 ቮልት 3,520 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ 3,800 ዋት የሚለው ከ17 አምፔር በላይ ይሆናል። ሶኬቱ ወዲያው አይቃጠል ይሆናል፤ ግን በየጋገራው እየሞቀ፣ ፕላስቲኩ እየቀለጠ ይሄዳል። ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ በስልክ የሚበራ ምጣድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሶኬቱን ለመቆሚያ መብራት አደረገው።

አሁን ወደ ውሃው። እኔ ደብዳቤውን ብጽፍ የምጀምረው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም አከራይዋ ራሳቸው የሚጠቀሙበት ይህ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ይሞክራል፣ የለም፣ ረስቶት ይወጣል። ውሃው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይመጣል። ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጣሪያቸው እያንጠባጠበ በሩን ያንኳኳሉ። የውሃ መፍሰስ ጠቋሚ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉት፤ ውሃ ሲያገናኛቸው ይጮሃል፣ ስልክ ላይም መልእክት ይልካል። ወሰኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቧንቧውን አይዘጋም፤ መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ከሞተም መልእክቱ አይደርስም። የራሱ ጩኸት ያለው ዓይነት ቢያንስ ቤት ያለውን ሰው ይቀሰቅሳል። ወጣቱ ለዋይፋዩ ትንሽ ባትሪ ጨምሮለታል።

የመብራት መሄድና መምጣትም ማብሪያ ማጥፊያውን ይመለከታል። ስማርቶቹ መብራት ሲመለስ ምን እንደሚያደርጉ የሚወሰንበት ማስተካከያ ብዙዎቹ አላቸው፦ ይብሩ፣ ይጥፉ፣ ወይም እንደነበሩ ይሁኑ። «ይጥፉ» ላይ ካልተደረገ ተከራዩ ክፍለ ሀገር ሄዶ ሳለ ቤቱ ሌሊት ወገግ ብሎ ይበራል፤ የካርዱ ቆጣሪም ይቆጥራል። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት በሌለበትም በእጅ ሲነኩት መሥራት አለበት። ለአከራይ ይህን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ «ስልክ ከሌለኝ መብራት አላበራም?» ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ የተጻፈው ደብዳቤ ይህ ነው።

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የቤቱ ባለቤት

ጉዳዩ፦ አራት ማብሪያ ማጥፊያዎችን ውሌ እስኪያበቃ ለመቀየር ፈቃድ ስለመጠየቅ

እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ባለፈው በቴሌግራም የላክሁት መልእክት ግልጽ ስላልነበረ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን በዝርዝር አቀርባለሁ።

በወጥ ቤቱና በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ውሃ ሲፈስ የሚጮሁ ሁለት ጠቋሚዎች አስቀምጣለሁ። በመግቢያው በር ውስጠኛ ገጽና በኮሪደሩ ላይ ሁለት ትንንሽ ሴንሰሮች በማጣበቂያ እለጥፋለሁ። አራቱም በባትሪ የሚሠሩ ናቸው፤ ግድግዳ አይበሳም፤ ድምፅም ምስልም አይቀዱም።

ፈቃድዎን የምጠይቀው የሳሎኑን፣ የሁለቱን መኝታ ቤቶችና የኮሪደሩን ማብሪያ ማጥፊያ ለመቀየር ነው። አዲሶቹ በነባሮቹ ሳጥኖች ውስጥ ይገባሉ፤ ግድግዳ አይቆረጥም፤ አዲስ ሽቦ አይዘረጋም። በሳሎኑና በመኝታ ቤቶቹ ጣሪያ ላይ፣ አምፖሉ ጋር፣ አንዲት ትንሽ ዕቃ ትታሰራለች፤ ክዳኑ ሲዘጋ አትታይም። የመሬት ሽቦ አይነካም። ምጣዱ፣ ቦይለሩና ቆጣሪው አይነኩም። ሥራውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሠራል፤ ከግማሽ ቀን አያልፍም፤ ቢመጡና ቢያዩ ደስ ይለኛል። አዲሶቹ ያለ ስልክና ያለ ኢንተርኔትም በእጅ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ።

ወጪው በሙሉ የኔ ነው፤ ከኪራይ እንዲቀነስልኝ አልጠይቅም፤ ውሉን ለማራዘምም ምክንያት አላደርገውም። በዚህ ሥራ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት እኔ ኃላፊ ነኝ። ስወጣ ነባሮቹን መልሼ አስገጥማለሁ፤ በርክክቡ ቀን አብረን አብርተን እናያለን። እንዲቀሩ ከፈለጉ ደግሞ ከስልኬ አጥፍቼ አስረክባለሁ። የአሁኑ ሁኔታ ፎቶ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ከተስማሙ በሁለት ቅጂ እንፈርምና አንዱን ከውልዎ ጋር ያስቀምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣ ተከራይዎ

ደብዳቤው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። «ከስልኬ አጥፍቼ» የምትለዋ ሐረግ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ብዙ ጠብ ታስቀራለች። እነዚህ ዕቃዎች የሚታሰሩት በገጠማቸው ሰው አካውንት ነው። ሳይፈቱ ከተተዉ የወጣው ተከራይ ሌላ ከተማ ተቀምጦ የአዲሱን ተከራይ ሳሎን ማብራትና ማጥፋት ይችል ይሆናል፤ ሰው ቤት መኖር አለመኖሩንም ያያል። ከዕቃው ላይ አዝራሩን ይዞ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስ ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም፤ አንዳንዱ ዕቃ ከመተግበሪያው ውስጥ ካልተሰረዘ አዲሱን ባለቤት አይቀበልም። ስለዚህ መሰረዙ በርክክቡ ዕለት፣ አከራዩ እያዩ ይሁን።

ፎቶውም እንዲሁ። ቀድሞ የተነሣ ፎቶ ከሌለ ሽቦው ወደ ቦታው ተመልሶ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። እያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ፎቶ ይበቃዋል፦ አንድ ከክዳኑ ጋር፣ አንድ ክዳኑ ተከፍቶ የሽቦው አያያዝ እየታየ። ግድግዳው ላይ አስቀድሞ የነበረ ስንጥቅ ካለ እሱም ይግባ።

አከራዩ አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆነው ቤቱን ዘመድ በውክልና የሚያስተዳድርባቸው ኮንዶሚኒየሞች ብዙ ናቸው። እዚያ ላይ «ወኪሉ እሺ ብሎኛል» ማለት አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለጠቅላላ ወኪል የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ንብረቱን መጠበቅ የመሳሰለውን። ሽቦ መቀየር እዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም ብሎ በኋላ ከመከራከር፣ ባለቤቱ በራሳቸው ስልክ አንድ መስመር ይላኩ፣ ወኪሉም ይፈርሙ።

የጀሞዋ አከራይ ደብዳቤውን ይዘው ከልጃቸው ጋር አነበቡት፤ በሦስተኛው ቀን መጡ። የከፈትኳቸውን ሳጥኖች አንድ በአንድ አዩ፤ «የመሬቱ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ በሳጥኖቹ ውስጥ አለመኖሩን አሳየኋቸው። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተው አራቱን ማብሪያ ማጥፊያ ፈቀዱ። ነባሮቹ በፌስታል ታስረው እሳቸው ዘንድ እንዲቀመጡ ከዳር ጻፉ፤ «አንተ ዘንድ ከሆኑ ይጠፋሉ» አሉት። ፈቃድ ያላስፈለጋትን የበሯን ሴንሰር ግን ሰረዟት።

«እትዬ፣ እሷ እኮ ሽቦ የላትም» አላቸው ወጣቱ።

«እኔ በመጣሁ ቁጥር ስልክህ ላይ አትነግርህም?»

«ትነግረኛለች።»

«እንግዲያውስ እኔ ሳልደውል አልመጣም፤ እሷም ትቅር» አሉና ፈረሙ። የእንቅስቃሴውን ሴንሰር ምን እንደሚያይ አልጠየቁም፤ እሱ ግን ራሱ ነገራቸው።